ከ«ቆርቆሮ ያለው» እስከ «ሃይላንድ»
(በወልቂጤና በቡታጅራ የወዳደቀ ዕቃ ለቃሚዎች ሥራ ታሪክ፤ ስለ ገቢያቸውና ስለ ደኅንነታቸው መሻሻል ከቀረበ አሳብ ጋር)

ስለ ጉራጌ ሕዝብ የንግድ ታታሪነት፣ ስለ እንሰት እርሻውና ስለ መንገድ ሥራ ማኅበሮቹ ብዙ ተጽፏል። ነገር ግን በወልቂጤና በቡታጅራ ጎዳናዎች ላይ ማዳበሪያ ከረጢት አዝለው ጠርሙስ፣ ብረትና ጀሪካን ስለሚለቅሙት ሰዎች የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ሥራ ትናንት የተፈጠረ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሥሩ ከጉራጌ አገር ወደ አዲስ አበባ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ የቀን ሠራተኞችና አዟሪዎች ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሞክረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሥራው እንዴት ተወልዶ ወደ እነዚህ ሁለት ከተሞች እንደ ተመለሰ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የለቃሚው ገቢና የለቃሚው ደኅንነት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች እንዳልሆኑ ነው፤ ሁለቱም የሚወሰኑት ዕቃው በጉዞው በየትኛው ቦታ ላይ በመያዙ ነውና።

፩/ የሚጣል ነገር ያልነበረበት ቤት

በጥንቱ የጉራጌ ቤት ውስጥ የነበረው ዕቃ አብዛኛው ከመሬት የተገኘና ወደ መሬት የሚመለስ ነበር። ውሃና ወተት የሚያዘው በሸክላና በቅል ነው፤ ቅቤና ቆጮ የሚጠቀለለው በኮባ ቅጠል ነው፤ ገመዱ ከእንሰት ቃጫ ይሠራል። ሸክላው ሲሰበር ገል ይሆናል፤ ኮባው ሲደርቅ ለማገዶ ይውላል ወይም ይበሰብሳል። የቤቱ ጥራጊ ከከብቱ ፍግ ጋር ተደባልቆ ወደ እንሰቱ ሥር ይወሰዳል። ዊሊያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ሕዝቡን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ማለቱ ይታወቃል፤ በዚህ ባህል ውስጥ ፍግና ጥራጊ የሚመገበው እንሰት ነበርና የሚጣል የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረም።

ከዚህ ሥርዓት ውጭ የቆመው ብረት ነው። የተሰበረ ማረሻ ወይም የዶለዶመ ማጭድ አይጣልም፤ ወደ ቀጥቃጩ ተወስዶ እንደ ገና ይቀጠቀጣል። እንግዲህ አሮጌውን ብረት አዲስ የሚያደርገው ሰው ከጥንት ጀምሮ ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሥራው እጅግ የሚፈለግ ሲሆን ሠራተኛው ግን የተናቀ ነበር፤ ቀጥቃጩም፣ ቆዳ ፋቂውም፣ እንጨት ሠሪውም ከሌላው ሕዝብ ጋር በጋብቻና በመሬት ይዞታ እኩል አልነበሩም። ዕቃውን ፈልጎ እጁን መጸየፍ ዛሬም በለቃሚዎች ላይ ስለሚታይ ይህን ነገር አስቀድመን ልብ ማለት ይገባል።

፪/ ቆርቆሮና ቆራሌው

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ገደማ ከተቆረቆረች በኋላ፣ ጉራጌ አገርም በዚያው ዘመን ለምኒልክ መንግሥት ካደረ በኋላ፣ ግብሩን በገንዘብ ለመክፈል የፈለገው ወጣት ወደ አዲሲቱ ከተማ መውጣት ጀመረ። መሬቱ ጠባብ ሕዝቡም ብዙ ስለ ሆነ ፍልሰቱ እየበረታ ሄደ። እነዚህ ሰዎች መነሻ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ የጀመሩት ሸክምን፣ ጫማ መጥረግንና ሱቅ በደረቴን ከመሳሰሉት ገንዘብ ከማይጠይቁ ሥራዎች ነበር። የወዳደቀ ዕቃ መሰብሰብም ከእነዚሁ አንዱ ነው።

ሥራው ስሙን ያገኘው ከጥሪው ነው። ከውጭ አገር የመጣው የጋዝ ቆርቆሮ፣ የዘይት ጣሳ፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮና የነዳጅ በርሜል በከተማው ሲበዛ «ቆርቆሮ ያለው!» እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩ ገዢዎች መጡ። ጥሪው በፍጥነት ሲነገር አጠረና «ቆራሌው!» ሆነ፤ ቀጥሎም ጥሪው የሰውየው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ቆራሌው እንደ ዛሬው ለቃሚ ከቆሻሻ ክምር ውስጥ አይፈልግም፤ ከቤት ደጃፍ ቆሞ ከባለቤቲቱ ጋር ተከራክሮ በገንዘብ ይገዛል። ከእርሱ ጎን ለጎን ደግሞ «ልዋጭ» የሚባለው ነበር፤ ይኸውም አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ አዲስ የቤት ዕቃ በምትኩ የሚሰጥ ነው። ሁለቱም ዕቃውን የሚይዙት ከባለቤቱ እጅ ሳይወጣ፣ ከሌላ ቆሻሻም ጋር ሳይደባለቅ ነበር። ይህ ነጥብ በኋላ ለምናቀርበው አሳብ መሠረት ነው።

የተሰበሰበው ዕቃ የሚሄደው ወደ መርካቶ ነው። መርካቶ የአሁኑን ቦታ የያዘው በኢጣልያ ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ በተዛወረ ጊዜ ነው። በዚያ «ምናለሽ ተራ» በሚባለው ክፍል አሮጌው ዕቃ እንደ ገና ይፈጠራል፤ ጣሳው ኩራዝ ይሆናል፤ በርሜሉ ተቆርጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ የመኪና ጎማው በረባሶ ጫማ ይሆናል፤ አሉሚኒየሙ ቀልጦ ድስት ይሆናል። ስለዚህ ሌላው ዓለም ዛሬ በትልቅ ስም የሚጠራው የዕቃ መልሶ አጠቃቀም በመርካቶ ያለ መንግሥት እቅድ፣ በሰው እጅና በመዶሻ ብቻ ተቋቁሞ ይሠራ ነበር።

፫/ መንገዱ ሥራውን ወደ አገር ቤት እንደ መለሰው

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጅማ መንገድ ላይ ትገኛለች። ቡታጅራ ደግሞ ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዓለም ገና፣ በሆሳዕናና በሶዶ አቅጣጫ በሚሄደው መንገድ ላይ ናት። የጅማው መንገድ በኢጣልያ ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ በቡታጅራ በኩል የሚያልፈውን መንገድ ለማሠራት ግን በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአካባቢው ተወላጆች በማኅበር ተደራጅተው ገንዘብ ማዋጣታቸው የሚታወቅ ነው። ወልቂጤ ዛሬ የጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት፤ ቡታጅራ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም የተለየው የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች።

መንገዱ ሰውን ወደ አዲስ አበባ ወሰደ፤ የአዲስ አበባንም ዕቃ ወደ አገር ቤት አመጣ። በመጀመሪያ የመጣው ቆርቆሮና ጠርሙስ ነው፤ እነዚህ ከባድና ውድ ስለ ነበሩ አንዳቸውም በከንቱ አይወድቁም፤ ባዶው ጠርሙስም ዘይትና አረቄ ይይዛል። ቀጥሎ የመጣው ፕላስቲክ ግን ቀላልና ርካሽ ነው። የታሸገ ውሃ በአገራችን ሲስፋፋ ከቀደሙት ምርቶች የአንዱ ስም ለጠርሙሱ ሁሉ መጠሪያ ሆነና ማንኛውም የውሃ ፕላስቲክ «ሃይላንድ» ተባለ። «ቆርቆሮ» ለአባቶች ዘመን ሥራ ስም እንደ ሰጠ ሁሉ «ሃይላንድ» ደግሞ ለልጆች ዘመን ሥራ ምልክት ሆነ።

በዚህ ጊዜ ሥራው ሁለት መልክ ያዘ። ቆራሌው እንደ ቀድሞው ብረት፣ ጀሪካንና የተሰበረ ዕቃ ከየቤቱ ይገዛል። ለቃሚው ግን የሚገዛበት ገንዘብ ስለ ሌለው ሰው የጣለውን ከአውቶቡስ መናኸሪያው፣ ከሆቴሎች ጓሮ፣ ከገበያው ዳርቻ፣ ከቦዩና ከከተማው የቆሻሻ መጣያ ያነሣል። ሁለቱም ለሰብሳቢ ነጋዴ ይሸጣሉ፤ ሰብሳቢው በመጋዘን አከማችቶ ወደ አዲስ አበባ ይልካል፤ ከዚያ ብረቱ ወደ ማቅለጫ፣ ፕላስቲኩ ወደ መፍጫ ይገባል። ከተማው ቆሻሻን ለማንሣት ደመወዝ ወይም ውል የሚሰጠው ለጽዳት ማኅበራት ነው። ለቃሚው ግን ከከተማው ሸክም ላይ የሚቀንሰው ብዙ ሲሆን ከከተማው መዝገብ ውስጥ አይገኝም።

ዓመቱን በሙሉም የሥራው መጠን አንድ አይደለም። በመስቀል ሰሞን ከአዲስ አበባና ከሌላውም አገር ተወላጁ ወደ ቤቱ ስለሚገባ በሁለቱም ከተሞች የሚጠጣውና የሚጣለው ይበዛል። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለለቃሚው የመኸር ወቅት ናቸው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ዕቃው በአንድ ጊዜ ሲበዛ ሰብሳቢው ዋጋ ለመቀነስ ምክንያት ያገኛል። በቆጮም ሆነ በበርበሬ ንግድ የሚታወቀው የመኸር ዋጋ ችግር በሃይላንድም ላይ ይደርሳል ማለት ነው።

፬/ አንድ ኪሎ ስንት ጊዜ ጎንበስ ማለት ነው?

የለቃሚውን ገቢ ለመረዳት ከብሩ በፊት ክብደቱን መመርመር ይጠቅማል። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ባዶ የውሃ ጠርሙስ 12 ግራም ያህል ይመዝናል እንበል፤ ስለዚህ አንድ ኪሎ ለመሙላት 83 ጠርሙስ ያስፈልጋል። በቀን 1,000 ጠርሙስ ያነሣ ሰው፣ ይኸውም 1,000 ጊዜ ጎንበስ ያለ ሰው፣ ማታ ወደ ሚዛን የሚያቀርበው 12 ኪሎ ብቻ ነው። ሚዛኑ በዚህ 12 ኪሎ ላይ ግማሽ ኪሎ ቢደብቅ ከ40 የሚበልጥ ጠርሙስ በነጻ ተወሰደ ማለት ነው፤ ይህ በዓመት 300 የሥራ ቀን ሲደጋገም 150 ኪሎ ይሆናል፤ ይህም የ12 ቀን ተኩል ሥራ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የገቢ ማሻሻያ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ የታወቀ ክብደት ያለው ነገር፣ ለምሳሌ ያልተከፈተ የአንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ እርሱን አስቀድሞ በሚዛኑ ላይ ማስቀመጥ ልዩነቱን ያሳያል።

ሁለተኛው ነገር ጭነት ነው። ከወልቂጤ ወይም ከቡታጅራ የሚነሣ ሃይላንድ በአዲስ አበባ ከሚነሣው ይልቅ ለለቃሚው ትንሽ ገንዘብ የሚያስገኘው በመንገዱ ምክንያት ነው፤ የመንገዱም ኪራይ የሚከፈለው በአብዛኛው ለአየር ነው። ይህን በስሌት እንየው። የአንድ ኢሱዙ የጭነት ሣጥን 17 ሜትር ኩብ ይይዛል ብንል፣ ያልተጨፈለቁ ግማሽ ሊትር ጠርሙሶች በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ከመካከላቸው ያለው ክፍተት ታስቦ 1,100 ያህል ይገባሉ። ስለዚህ መኪናው በሙሉ 18,700 ጠርሙስ፣ ማለትም 224 ኪሎ ያህል ብቻ ይጭናል፤ መኪናው ግን ከሦስት ሺህ ኪሎ በላይ የመሸከም ጉልበት አለው። ክዳኑ ተከፍቶ በእግር ቢረገጡ ሦስት እጥፍ ይገባል፤ ይኸውም 670 ኪሎ ያህል ነው። በእጅ በሚሠራ መጭመቂያ ታስረው በአንድ ሜትር ኩብ 200 ኪሎ ቢሆኑ ደግሞ 3,400 ኪሎ ይሆናል።

የኪራዩ ዋጋ ለምሳሌ ያህል 10,000 ብር ነው ብለን እናስብ። ያልተጨፈለቀው ጭነት በኪሎ 45 ብር ያህል፣ የተረገጠው 15 ብር ያህል፣ የታሰረው ደግሞ 3 ብር ያህል የመንገድ ወጪ ይወድቅበታል። ልዩነቱ ለማን ይደርሳል? ዛሬ ሰብሳቢው ስለሚያስረው ለሰብሳቢው ይደርሳል፤ ለቃሚዎቹ ራሳቸው አስረው ቢሸጡ ግን ለእነርሱ ይደርስ ነበር። መኪና ለብቻ ከመከራየት ይልቅም ከመርካቶ ዕቃ አምጥቶ ባዶውን ከሚመለሰው መኪና ጋር መዋዋል ኪራዩን ከዚህ ይበልጥ ያወርደዋል።

ሦስተኛው ነገር መለየት ነው። ገዢው ዋጋ የሚቀንሰው ፕላስቲኩ ሲደባለቅ፣ ሲቆሽሽና ውሃ ሲይዝ ነው። ሃይላንዱ በሥሩ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 1 ቁጥር ተጽፎበታል፤ ጀሪካኑና የሳሙና ዕቃው ብዙ ጊዜ 2 ቁጥር አለው። ቁጥሩ ከጠፋ ቁራጩን በውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ መጨመር ነው፤ የሃይላንዱ ቁራጭ ይሰጥማል፤ የክዳኑና የጀሪካኑ ቁራጭ ይንሳፈፋል። በዚህ ምክንያት ክዳኑን ነቅሎ ለብቻው ማስቀመጥ ሁለቱንም ያስከብራል። ለብረታ ብረት ደግሞ ማግኔት ይበቃል፤ ተራው ብረት ይጣበቃል፤ ከእርሱ እጅግ የሚወደዱት መዳብ፣ ነሐስና አሉሚኒየም አይጣበቁም። ሁሉን በአንድ ከረጢት የሚሸጥ ሰው መዳቡን በብረት ዋጋ ሸጠ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ እነዚህን ለመፈጸም የሚያዳግተው የዕውቀት ማነስ ብቻ አይደለም። ለቃሚው የዕለት ጉርሱን በዕለቱ ማግኘት ስላለበት ዕቃውን አከማችቶ ለመቆየት አይችልም። ጠዋት ከሰብሳቢው ጥቂት ብር ተበድሮ ከወጣ ደግሞ ማታ ለእርሱ፣ እርሱ በቆረጠው ዋጋ መሸጥ ግዴታው ይሆናል። ስለዚህ መጭመቂያ ከመግዛት በፊት የዕለቱን ብድር የሚተካ የራስ ገንዘብ ያስፈልጋል። ለዚህ አዲስ ነገር መፍጠር አያሻም፤ የጉራጌ ነጋዴ ከሱቅ በደረቴ ወደ ሱቅ የተሸጋገረበት እቁብ በአገሩ አለ። የዕለት እቁብ ለሃያ ለቃሚዎች የሁለትና የሦስት ሳምንት ዕቃ አጠራቅመው አብረው የሚሸጡበትን ፋታ ሊሰጣቸው ይችላል።

፭/ አደጋው የት አለ?

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የሚባለው የረጲ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ቆሼ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የከተማውን ጥራጊ ሲቀበል የኖረና በላዩም ብዙ ለቃሚዎች የሚተዳደሩበት ቦታ ነበር። የወልቂጤና የቡታጅራ መጣያዎች ከቆሼ ጋር የሚወዳደር ከፍታ የላቸውም፤ ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች የሚያሰጋው ትልቁ ናዳ ሳይሆን በየቀኑ የሚደርሰው ትንሹ አደጋ ነው።

የመጀመሪያው መርፌና ስለት ነው። ከክሊኒክና ከመድኃኒት ቤት የወጣ መርፌ ከቤት ጥራጊ ጋር ከተደባለቀ ጓንትም ቢሆን አያግደውም፤ ተራ የጨርቅና የላስቲክ ጓንት በመጠኑ የሚከለክለው ጠርሙስና ቆርቆሮ እንጂ መርፌን አይደለም። የሚሻለው ከረጢቱን በእጅ አለመበርበር፣ ይልቁንም በሜንጦ ወይም በረጅም እንጨት መገልበጥ ነው። መርፌ የወጋው ሰው ቦታውን በውሃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ ከኤች.አይ.ቪ. የሚከላከለው መድኃኒት የሚረዳው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነውና። የጉበት በሽታ ክትባት (ሄፓታይተስ ቢ) በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ የመንጋጋ ቆልፍም ክትባት አለው። ለአንድ ከተማ ለቃሚዎች ሁሉ እነዚህን ማስከተብ በሦስት የዘመቻ ቀናት የሚፈጸም ነው።

ሁለተኛው የመኪና ባትሪና የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው እርሳስ ስለ ሆነ ውድ ነው፤ ነገር ግን ሰብሮ እርሳሱን ማውጣት አሲዱን በመሬት ላይ ያፈሳል፤ የእርሳሱም ብናኝ በልብስ ተሸክሞ ቤት ገብቶ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ባትሪ እንደ ተዘጋ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሙሉውን መሸጥ አለበት። ሽቦውንም መዳቡን ለማግኘት ማቃጠል የተለመደ ነው፤ ጢሱ መርዝ ነው፤ ከዚህም ሌላ የተቃጠለ መዳብ ስለሚጠቁር ንጹሑን ያህል አያወጣም። በቢላዋ የተላጠ ሽቦ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ሳንባን አያቃጥልም፤ ዋጋውም ይሻላል።

ሦስተኛው የመኪናው ጀርባ ነው። ቆሻሻ የጫነ መኪና ሲገለበጥ ሁሉም ቀድሞ ለማግኘት ይሻማል፤ ሹፌሩ ከኋላው ያለውን አያይም። መፍትሔው ሕግ ሳይሆን ቦታ ነው፤ መኪናው በደልዳላ መሬት ገልብጦ ከሄደ በኋላ ለቃሚዎች በተራ የሚገቡበት ሜዳ ከተከለለ የሚሻሙበት ምክንያት ይቀንሳል።

እነዚህን ሦስቱን አደጋዎች ስንመረምር አንድ ነገር ግልጥ ሆኖ ይታያል። የመርፌውና የመኪናው ጀርባ አደጋ የሚደርሱት ዕቃው ከተደባለቀ በኋላ ነው። በሆቴሉ ጓሮ ለብቻው በከረጢት የተቀመጠ ሃይላንድ ውስጥ መርፌ የለም፤ ጭቃም የለም፤ ስለዚህ እጅም አይወጋም፣ ዋጋም አይቀነስም። የጥንቱ ቆራሌው ከዛሬው ለቃሚ ይሻል የነበረው ገንዘብ ስለ ነበረው ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን ከደጃፍ ላይ ይይዝ ስለ ነበረ ነው።

፮/ ለቃሚውን ወደ ደጃፍ መመለስ

ለዚህ ሕግ አልጠፋም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 513 የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ እያንዳንዱ አባወራ መልሶ የሚያገለግለውን ከሚጣለው እንዲለይ አዝዞ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ነገር ግን ባለቤቲቱ ብትለይ የተለየውን የሚቀበላት ሰው ከሌለ በመኪናው ላይ እንደ ገና ይደባለቃል። የሚቀበለው ሰው ደግሞ ለቃሚው ነው።

የሕንድ አገር የፑኔ ከተማ ምሳሌ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በዚያ ለቃሚዎች፣ በአብዛኛውም ሴቶች፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የሠራተኛ ማኅበር አቋቋሙ፤ ከተማው መታወቂያቸውን ተቀበለ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ «ስዋች» በተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር አማካይነት ከከተማው ጋር ተዋውለው ከየቤቱ መሰብሰብ ጀመሩ። ገቢያቸው ከሁለት ወገን ሆነ፤ ባለ ቤቱ ለአገልግሎቱ በየወሩ ይከፍላል፤ የሚሸጠውንም ዕቃ ራሳቸው ይሸጣሉ። የፕላስቲክ ዋጋ ሲወድቅ የወሩ ክፍያ ያቆማቸዋል። ብራዚልም እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራውን በመንግሥት የሙያ ዝርዝር ውስጥ አስገብታለች።

በወልቂጤና በቡታጅራ ያለው ሥጋት ከዚህ የተገላቢጦሽ ነው። የጽዳት ማኅበር ከየቤቱ የመሰብሰብ ውል ሲሰጠው ሃይላንዱም አብሮ የእርሱ ይሆናል፤ ቀድሞ ከቦዩና ከጓሮ ይለቅም የነበረው ሰው ወደ መጣያው ይገፋል። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ውል ሲያድስ ሁለት ቃል ቢጨምር በቂ ነው እንላለን፤ አንደኛ፣ የታወቁት ለቃሚዎች በማኅበሩ አባልነት እንዲገቡ ወይም የተለየው ዕቃ ለእነርሱ እንዲቀር፤ ሁለተኛ፣ መናኸሪያው፣ ሆቴሎቹና በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲው ጠርሙሱን ለብቻው አስቀምጠው ስማቸው ለተመዘገበ ሰዎች እንዲያስረክቡ። ለዚህ የሚያስፈልገው መታወቂያ ወረቀት፣ አንድ የታረመ ሚዛንና ጣሪያ ያለው መጋዘን ነው።

ይህም ሆኖ ሥራው የማይደርስበት ወሰን አለ። የሃይላንድ ዋጋ ከአዲስ ፕላስቲክ ዋጋ ጋር፣ እርሱም ከነዳጅ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ በወልቂጤ የሚቆረጥ አይደለም። ፌስታልን ደግሞ ማንም አይለቅመውም፤ አንዱ ከአራት ግራም የማይበልጥ ከሆነ ለአንድ ኪሎ ቢያንስ 250 ይፈለጋል፤ እርሱም ቆሽሾ ስለሚገኝ ገዢ የለውም። ስለዚህ ቦዩን የሚደፍነው ገበያ ያልፈለገው ዕቃ ነው፤ ያንን ማንሣት የለቃሚው ሳይሆን የከተማው ግዴታ ነው። ከሆቴሎች የሚገኘው ዕቃም ሁሉን አይበቃም፤ ማኅበር ሲቋቋም ሕፃናትና አዲስ ከገጠር የመጡ ሰዎች ከዝርዝሩ ውጭ መቅረታቸው አይቀርም።

ከላይ የተመለከተውን በአጭሩ ስንሰበስበው፣ ከጉራጌ አገር የወጡ ሰዎች ያለ ገንዘብ በጀመሩት ሥራ የአዲስ አበባን ቆርቆሮ ድስትና ምድጃ አደረጉት፤ መንገዱ ያንኑ ሥራ ወደ አገራቸው ከተሞች መለሰው፤ ሲመልሰው ግን ከደጃፍ አውርዶ በመጣያው ላይ ጣለው። ማሻሻያው ሁሉ በአንድ ጥያቄ ሊመዘን ይችላል ብለን እናምናለን፤ ይኸውም ጠርሙሱ በለቃሚው እጅ ሲገባ ከመደባለቁ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ጓንቱም፣ ሚዛኑም፣ መጭመቂያውም ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን መልሱ «በኋላ» እስከ ሆነ ድረስ ለቃሚው በየኪሎው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንድ ጊዜ በዋጋው፣ አንድ ጊዜ በእጁ።